ሲቪ ሲታረም የትኛው ስህተት በየትኛው ዘዴ ይያዛል? በስልክ፣ በኮምፒውተር፣ በወረቀት ወይስ ከሰው ጋር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ በገላንና በዱከም መስመር ላሉ ፋብሪካዎች የሚያመለክቱ የሰፈር ልጆች ሲቪያቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። ለዓመታት በሰው ኃይል ክፍል ስለሠራሁ ማመልከቻን ከሥራ ልምድ ደብዳቤ ጋር እያስተያየሁ የሚያልፈውንና የሚወድቀውን መለየት የዕለት ሥራዬ ነበር። የልጆቹ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ።»

አንዴ በማየት ግን ሁሉም ስህተት አይገኝም። የቀን ስህተት፣ የግስ ስህተት፣ የነጥብና የሰረዝ ስህተት፣ የአሰላለፍ ስህተት የሚደበቁት በተለያየ ቦታ ነው። አንዱን የሚያወጣው ዘዴ ለሌላው ዕውር ነው። ስለዚህ «በስልኬ ባርመው ይሻላል ወይስ አሳትሜ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚወሰነው በምትፈልጉት ስህተት ነው። ቅርብ ጊዜ የጎረቤቴን ልጅ ሲቪ ይዘን አንድ ምሽት የሠራነውን እየነገርኩ አራቱን ዘዴዎች አወዳድራለሁ።

ልጅቷ አካውንታንት ናት። ሲቪዋን በስልኳ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጸሐፊም አይቶላታል። እንግሊዝኛው ንጹሕ ነው። ያመጣችው ዋናው ክፍል ይህን ይመስል ነበር፦

```
Accountant           01/2022 – Present
Junior Accountant    Oct 2019 - June 2021
BA in Accounting     2011
```

ቀን፦ ደብዳቤውን ከያዘ ሰው ጋር

እነዚህን ሦስት መስመሮች ብቻ ላየ ሰው የመጀመሪያው ጥርጣሬ ትምህርቱ ላይ ነው። በ2011 ተመርቃ በ2019 ሥራ ከጀመረች ስምንት ዓመት ምን ስትሠራ ነበር? እኛ አገር ያለ ቀጣሪ 2011 በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ይገምት ይሆናል። ማመልከቻው የውጭ ዜጋ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ ግን የስምንት ዓመት ክፍተት ሆኖ ይነበባል።

ይህኛው ስህተት በዓይን ይታያል። ሌሎቹ ሁለቱ አይታዩም። የመጀመሪያው ሥራ በ2021 አለቀ፣ ሁለተኛው በ2022 ጀመረ፤ ቅደም ተከተሉ አልተዛባም፣ መደራረብም የለም። መቶ ጊዜ ቢነበብ ምንም አይገኝበትም። ደብዳቤዎቿን እንድታመጣ ልኬያት ስናስተያይ ነው ጉዱ የወጣው። የመጀመሪያው ደብዳቤ «ከጥቅምት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ዓ.ም.» ይላል። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት የቀጠራት በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። ልጅቷ ሁሉንም የሥራ ዓመቶች በሰባት ጨምራ ቀይራቸዋለች።

ሰባት መጨመር የሚሠራው ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው። እሱም ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል፤ ያለፈው ዓመታችን ጳጉሜ ስድስት ከነበረ ደግሞ ታኅሣሥ 22 ላይ። ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ የሚጨመረው ስምንት ነው። ስለዚህ ጥቅምት 2012 በሰባት 2019 መባሉ ትክክል ነው። ሰኔ 2014 ግን በስምንት 2022 መሆን ነበረበት፤ ጥር 2015ም 2023። ታኅሣሥ ውስጥ ሥራ የጀመረ ሰው ቀኑን ሳያይ ዓመቱን መቀየር አይችልም፤ ወሩ ሁለት የፈረንጅ ዓመት ይነካልና።

ይህ የአንድ ዓመት ስህተት ምን እንዳስከተለ ተመልከቱ። በደብዳቤው መሠረት የመጀመሪያው ሥራ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው። በሲቪው ላይ ግን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ሆኗል። ማስታወቂያው «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በጀማሪ አካውንታንትነት የሠራ» ቢል ልጅቷ ያላትን ልምድ በገዛ እጇ ቆርጣ ጣለች። በተቃራኒው ሁለተኛው ሥራ በአንድ ዓመት ረዝሟል። ይህኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። ቀጣሪው ደብዳቤውን አጠገቡ ሲያኖር የሚያየው ሒሳብ የተሳሳተባት ልጅ ሳይሆን ልምዷን ያስረዘመች ልጅ ነውና። ለገንዘብ ቤት ሥራ የሚያመለክት ሰው በዚህ ከተጠረጠረ ማስረዳት የሚችልበት ዕድል እንኳ አያገኝም፤ ደውሎ የሚጠይቀው የለም።

የወሩ ስምም ወጥመድ አለበት። ሰኔን በቀጥታ ጁን ብለን እንጽፋለን፤ ነገር ግን ሰኔ የሚጀምረው ጁን 8 ነው፣ ከሰኔ 24 ጀምሮ ያለው ደግሞ ጁላይ ነው። የእሷ ሰኔ 30 ጁላይ 7 ላይ ይውላል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ብዙ ውል ሰኔ 30 ላይ ያልቃል፤ በዚህም የተነሳ ይህ ስህተት በጣም ብዙ ሲቪ ላይ አጋጥሞኛል። በአንድ ወር ልዩነት ሰው አይወድቅም፤ ቢሆንም ደብዳቤው ተተርጉሞ ከተያያዘና ትርጉሙ ጁላይ ካለ ሁለት ወረቀት ሁለት ነገር ተናገረ ማለት ነው።

ይህን ስህተት ስልክም ኮምፒውተርም አያወጣውም። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጸሐፊም ደብዳቤውን ካላየ ከየት ያውቀዋል? ያለው መንገድ አንድ ነው። ሁለት ሰው ትይዩ ይቀመጣል፤ አንዱ ደብዳቤውንና ዲግሪውን ይይዛል፣ ሌላው ሲቪውን። ደብዳቤ የያዘው ቀኑን ከነወሩ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሁለቱም ለየብቻ ይቀይሩታል፣ ከዚያ ሲቪ የያዘው የተጻፈውን ያነባል። ለየብቻ መቀየሩን አትዝለሉት፤ አንዱ ቀይሮ ሌላው «እሺ» ካለ የተሠራው ያው የአንድ ሰው ሥራ ነው። በስልክ ላይ ያለ የቀን መቀየሪያ እንደ ሦስተኛ ምስክር ጥሩ ነው፣ ሙሉውን ቀን እስካስገባችሁ ድረስ።

በየትኛው አቆጣጠር ይጻፍ ለሚለው የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ሲቪው በእንግሊዝኛ ከሆነ ከዲግሪው እስከ ሥልጠናው ሁሉም በፈረንጆቹ፤ በአማርኛ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባ ከሆነ ሁሉም በእኛ። በእያንዳንዱ ቀን ጎን ሁለቱንም መጻፍ የሚወዱ አሉ። ስህተት አይደለም፤ ግን የሚታረመውን ቀን እጥፍ ያደርገዋል፣ መስመሩንም ያጨናንቀዋል። አልመክረውም።

ከታረመ በኋላ እንዲህ ሆነ፦

```
Accountant           Jan 2023 – Present
Junior Accountant    Oct 2019 – Jul 2022
BA in Accounting     Jul 2019
```

ዲግሪዋ የተሰጠው ሐምሌ 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ስለሆነ ጁላይ 2019 ነው። የስምንት ዓመቱ ክፍተት ወደ ሦስት ወር ወረደ። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው የስድስት ወር ክፍተት እውነተኛ ነው፤ እንዲህ ያለው ክፍተት ባለበት ይቀመጣል እንጂ አይደፈንም። ወሩ በሙሉ ስሙ ይጻፍ ወይስ በሦስት ፊደል የሚለው ግድ የለም። አንዱ መስመር በቁጥር፣ ሌላው በሙሉ ስም፣ ሦስተኛው ያለ ወር መሆኑ ነው ዓይን ላይ የሚወድቀው።

ግስ፦ ጆሮ ከኮምፒውተር ይበልጣል

ቀጥሎ ያየነው በጀማሪነት በሠራችበት ቦታ ሥር የዘረዘረቻቸውን ሥራዎች ነው።

```
Prepared monthly payroll
Preparing bank reconciliation.
Responsible for petty cash
Record daily sales;
```

ወርድ ከአራቱ በአንዱም ሥር ቀይ ወይም ሰማያዊ መስመር አላሰመረም። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲታይ ስህተት የለበትምና። ስህተቱ ያለው በመስመሮቹ መካከል ነው፤ አንዱ ያለፈ ጊዜ፣ አንዱ በመሠራት ላይ ያለ፣ አንዱ ግስ የሌለው፣ አንዱ ዛሬም የሚሠራ ይመስላል። ለቃላት ግድፈት ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩን እመኑት፣ ጎበዝ ነው። እዚህ ላይ ግን «ምንም አላሰመረም» ማለት «ታርሟል» ማለት አይደለም።

ምክንያቱንም ነገረችኝ። የመጀመሪያው መስመር የራሷ ነው። ሁለተኛውን ከጓደኛዋ ሲቪ ወስዳዋለች። ሦስተኛው ከሥራ መደቡ መዘርዝር የተገለበጠ ነው። አራተኛው ደግሞ እዚያው መሥሪያ ቤት እያለች የጻፈችው ሲሆን ከለቀቀች በኋላ አልተቀየረም። የግስ መዘባረቅ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሲቪ በአንድ ቀን አይጻፍም፣ ከተለያየ ዘመንና ከተለያየ ሰው ይለቃቀማል።

ደንቡ አጭር ነው። የለቀቃችሁት ሥራ በሙሉ በአላፊ ጊዜ ይጻፋል፤ ያላችሁበት ሥራ በአሁን ጊዜ። ያላችሁበት ሥራ ውስጥ ተጀምሮ ያለቀ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ባለፈው ዓመት የተተከለ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ እሱ በአላፊ ጊዜ ይሄዳል፤ ከሌሎቹ በታች አድርጉት።

ለማረም ከላይ እስከ ታች የየመስመሩን የመጀመሪያ ቃል ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የቀረውን በወረቀት ሸፍኑት። ልጅቷ አራቱን ቃላት በተከታታይ ስታነብ ሁለተኛው ላይ ራሷ ቆመች፤ «ይኼ አይሄድም» አለች። ሙሉውን መስመር ሦስት ጊዜ ስታነብ አልታያትም ነበር። ሐሳቡን ስለምታውቀው ዓይኗ ዘሎ ያልፈዋል፤ ከሐሳቡ የተነጠለ ቃል ግን ጆሮ ላይ ይጋጫል። ይህን ለብቻ በስልክም መሥራት ይቻላል፣ ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም። በመጨረሻ እንዲህ አደረግነው፦

```
Prepared monthly payroll
Reconciled bank statements
Managed petty cash
Recorded daily sales
```

ሥራው አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም።

ነጥብና ሰረዝ፦ እዚህ ኮምፒውተሩ ይሻላል

ጮክ ብሎ ማንበብ የማይሠራበት ቦታ ይህ ነው። ነጥብ አይሰማም፣ የሰረዝ ርዝመትም አይሰማም። ከላይ ባለው ዝርዝር አንዱ መስመር በነጥብ ያልቃል፣ አንዱ በነጠላ ሰረዝና ነጥብ፣ ሁለቱ በባዶ። ዓይንም በሁለት ገጽ ላይ ሠላሳ መስመር ሲያይ ይደክማል። ኮምፒውተር ግን ስህተት ባይፈልግም ምልክት ይፈልጋል፤ አይደክምምም።

ወርድ ላይ `Ctrl+H` ብላችሁ የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ይህን ጻፉ፦

```
.^p
```

ይህ በነጥብ የሚያልቁ አንቀጾችን ሁሉ ያመጣል። ከነጥቡ በኋላ ባዶ ቦታ ከተረሳ ግን ያመልጠዋል፤ በነጥቡና በምልክቱ መካከል አንድ ባዶ ቦታ ጨምራችሁ ድገሙት። ዝርዝሩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካልሆነ ነጥቡን ከሁሉም ማንሳት ይቀላል። አንዴ ከወሰናችሁ ግን ሁሉም ላይ ይሁን።

የቀኑ ሰረዝ ልዩ ጠባይ አለው። በሁለት ቁጥር መካከል ባዶ ቦታ ትታችሁ አጭር ሰረዝ ከጻፋችሁ ወርድ ቀጥሎ ያለውን ስትጽፉ በራሱ ወደ ረጅሙ ሰረዝ ይለውጠዋል። ባዶ ቦታ ካልተዋችሁ አጭሩ ባለበት ይቀራል። ስልክ ላይ የተጻፈውም እንዲሁ አጭር ሆኖ ይቀራል። አንድ ሲቪ ላይ ሁለት ዓይነት ሰረዝ የሚገኘው በዚህ ነው፤ የልጅቷ አንዱ መስመር ረጅም፣ አንዱ አጭር የሆነው አንዱን ስልኳ ላይ አንዱን ፎቶ ኮፒ ቤት ስለጻፈችው ነው። ረጅሙን ለመፈለግ `^=` ይጻፋል፤ አጭሩን ራሱን ሰረዙን ጽፎ መፈለግ ነው። በየመስመሩ አንድ ዓይነት እስኪሆን መቀየር ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ቤታችሁ ውስጥ ኮምፒውተር ከሌለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ አጠገቡ ቁሙና ጸሐፊው ይህን ፍለጋ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁት። «አርምልኝ» ብሎ መተው አንድ ነገር ነው፣ «በነጥብ የሚያልቁትን ፈልግልኝ» ማለት ሌላ። ጸሐፊው ፈጣን ነው፣ መሣሪያውን ያውቃል፤ የእናንተን ታሪክ ግን አያውቅም። ለቀንና ለግስ አትጠብቁት።

አሰላለፍ፦ ወረቀት፣ እሱም በመጨረሻ

ስልክ ላይ ሲቪ ማረም ከሁሉ የሚያሳስተው እዚህ ነው። በወርድ የስልክ መተግበሪያ ሰነዱ ለስክሪኑ ተብሎ ተጠቅልሎ ሊታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ የገጹን ጠርዝ አታዩም። የምታዩት ገጽ ቀጣሪው የሚያየው ገጽ አይደለም።

የልጅቷ ቀኖች በቀኝ በኩል የተሰለፉ ይመስላሉ። አሳትመን በገጹ ቀኝ ጠርዝ በኩል ማስመሪያ ቁልቁል ስናኖርበት አንዱ ገባ፣ አንዱ ወጣ ያለ ነው። ያሰለፈቻቸው ስፔስ ደጋግማ እየመታች ነው። ፊደሎች ስፋታቸው ስለሚለያይ ስፔስ ተቆጥሮ መስመር አይስተካከልም፤ ፋይሉ የፊደሉ ዓይነት በሌለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ደግሞ ጭራሽ ይበተናል። ወርድ ላይ `Ctrl+Shift+8` ስትጫኑ እያንዳንዱ ስፔስ እንደ ትንሽ ነጥብ፣ ታብ ደግሞ እንደ ቀስት ይወጣል። በርዕሱና በቀኑ መካከል የነጥብ ሰልፍ ካያችሁ ሁሉንም አጥፉና አንድ ታብ አድርጉ፤ ከዚያ የታቡን ማቆሚያ ከላይ ባለው ማስመሪያ ላይ በቀኝ በኩል ትከሉ።

ወረቀት ላይ ሌላም የሚወጣ ነገር አለ፦ አንዱ የድርጅት ስም ደማቅ ሆኖ ሌላው ስስ መሆኑ፣ ከአንዱ ርዕስ በላይ ሁለት መስመር ከሌላው በላይ አንድ መስመር መተዉ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንዲት መስመር ብቻዋን ቀርታ መታየቷ። ወረቀቱን ገልብጣችሁ እዩት። ጽሑፉ ስለማይነበብ ዓይን ቅርጹን ብቻ ያያል፤ የተዛባው ቦታ ቶሎ ብሎ ይወጣል።

ማሳተሙን ወደ መጨረሻ ያደረግሁት በምክንያት ነው። ቀን ሲታረም መስመር ይረዝማል፣ ነጥብ ሲነሳ ይገባል፤ አስቀድሞ የተስተካከለ አሰላለፍ እንደገና ይፈርሳል። እኛም በመጀመሪያ አሳትመን ቢሆን ኖሮ ሁለቴ እንከፍል ነበር። መብራት ጠፍቶ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከተዘጋና ማመልከቻው ነገ ከሆነ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስልክ ላይ ክፈቱት፤ ፒዲኤፍ ገጹን እንዳለ ያሳያል። የወረቀቱን ያህል አይሆንም፣ ስክሪኑ ጠባብ ነው፣ ግን ከተጠቀለለው ሰነድ እጅግ ይሻላል። የምትልኩትም እሱኑ ይሁን።

አንድ ምሽት ብቻ ላለው ሰው ሁሉንም ሥሩ አልልም። ሁለተኛ ሰው ፈልጋችሁ ቀኑን ከደብዳቤው ጋር አስተያዩ፤ ከአራቱ ማመልከቻ የሚጥለው እሱ ነው። ጊዜ ከተረፈ የመጀመሪያ ቃላቱን አንብቡ። ሰረዙና አሰላለፉ ሰው ያስከፋሉ እንጂ ብቻቸውን ሲጥሉ አላየሁም፤ ቀጣሪው ቀኑንም እንዲጠራጠር ግን በር ይከፍታሉ።

የልጅቷን ሰነድ ስናስተያይ አንድ ያልጠበቅነው ነገርም ገጠመን። ከአንድ ሥልጠና የተሰጣት የምስክር ወረቀት አማርኛው የካቲት 2013 ይላል፣ እንግሊዝኛው ፌብሯሪ 2020። ሰጪው መሥሪያ ቤት ራሱ በሰባት ጨምሮ ተሳስቷል፤ ትክክሉ 2021 ነው። እንዲህ ሲሆን ሲቪ ላይ የሚጻፈው እውነተኛው ቀን ነው፣ ወረቀቱ ግን ይጋጫል። ወረቀቱ እስኪታረም ሥልጠናውን ከሲቪው አወጣነው። በማግስቱ ጠዋት ምስክር ወረቀቱንና ኮፒውን ይዛ፣ ሥልጠናው የተሰጠበትን ቀን የሚያሳይ የጥሪ ደብዳቤ ጨምራ፣ ሊያስተካክሉላት ወደ ሰጡት ሰዎች ሄደች።